በሊሚት ስሌት ቁጥሩን በቀጥታ መተካት እስከ የት ያስኬዳል?

ጥያቄ፦ «የሊሚት ጥያቄ ሲመጣብኝ በ x ቦታ ቁጥሩን ዝም ብዬ እተካለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ይሆናል። (x³ − 3x − 2)/(x² − 4) ላይ ግን x ወደ 2 ሲጠጋ 0/0 መጣብኝ። እኔ መልሱ 0 ነው አልኩ፣ ጓደኛዬ ሊሚት የለውም አለ፣ መልሱ ግን 9/4 ሆኖ ተገኘ። መተካት የሚሠራው መቼ ነው? እንደማይሠራስ በምን ይታወቃል?»

ምላሽ፦

ሁለታችሁም የተሳሳታችሁት በአንድ ምክንያት ነው፤ 0/0 ን እንደ መልስ ቆጥራችሁ አነበባችሁት። 0/0 ግን መልስ አይደለም፤ ዜሮም አይደለም፣ «ሊሚት የለም» የሚል ፍርድም አይደለም። የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የተጠቀሙበት መንገድ በዚህ ነጥብ ላይ ስለ ሊሚቱ ምንም ሊነግርዎት አልቻለም። ጉዳዩን ለማየት ሌላ ምሳሌ ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም፤ ያመጡት ፈንክሽን ሁሉንም ሁኔታዎች በውስጡ ስለያዘ በእርሱው ላይ እንቆያለን። ላዕሉን p(x) = x³ − 3x − 2፣ ታህቱን q(x) = x² − 4፣ ክፍልፋዩን በሙሉ ደግሞ f(x) ብለን እንጥራ።

በመጀመሪያ በአራት የተለያዩ ቁጥሮች ላይ ተክተን ውጤቱን እንመልከት። x ወደ 1 ሲጠጋ p(1) = −4፣ q(1) = −3 ስለሆኑ 4/3 እናገኛለን። x ወደ −1 ሲጠጋ p(−1) = −1 + 3 − 2 = 0፣ q(−1) = −3 ስለሆኑ 0/−3፣ ማለትም 0 ይመጣል። x ወደ 2 ሲጠጋ እርስዎ ያዩት 0/0 ይመጣል። x ወደ −2 ሲጠጋ ደግሞ p(−2) = −8 + 6 − 2 = −4፣ q(−2) = 0 ስለሆኑ −4/0 ይመጣል። ከእነዚህ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ያለቀላቸው ትክክለኛ መልሶች ናቸው። ሦስተኛው ገና ሥራ የሚጠብቀው ነው። አራተኛው መልኩ ከሦስተኛው ጋር ይመሳሰል እንጂ ነገሩ ፈጽሞ የተለየ ነው፤ የተወሰነ ሊሚት እንደሌለ ያለ ተጨማሪ ስሌት ያረጋግጣል። ዜሮ የሚታይበት ቦታ ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ ልብ ይበሉ። ዜሮው በላዕል ብቻ ከሆነ ምንም ችግር የለም፤ ችግር የሚጀምረው ታህቱ ዜሮ ሲሆን ነው፣ የችግሩ ዓይነት ደግሞ ላዕሉን በማየት ይለያል።

ይህ ለምን እንደሆነ ለመረዳት ሊሚት ምን እንደሚጠይቅ ማስታወስ ያስፈልጋል። x ወደ አንድ ቁጥር a ሲጠጋ የፈንክሽኑ ሊሚት የምንለው፣ x ወደ a በጣም እየቀረበ ነገር ግን a ን ሳይሆን፣ የፈንክሽኑ ዋጋ የሚጠጋበትን ቁጥር ነው። x ልክ a በሚሆንበት ቦታ ፈንክሽኑ ምን ዋጋ እንዳለው፣ እንዲያውም ዋጋ ይኑረው አይኑረው፣ በትርጉሙ ውስጥ ጨርሶ አይገባም። ቀጥታ መተካት ደግሞ የሚያሰላው ይህንኑ ትርጉሙ ዞር ብሎ የማያየውን ዋጋ ነው። ስለዚህ መተካት የሊሚት ትርጉም ሳይሆን አቋራጭ መንገድ ነው፤ አቋራጩም የሚያገለግለው በነጥቡ ላይ ያለው ዋጋ እና በአካባቢው ያሉት ዋጋዎች የሚጠጉበት ቁጥር አንድ መሆናቸው አስቀድሞ ለተረጋገጠላቸው ፈንክሽኖች ነው።

ፖሊኖሚያሎች ይህ በሁሉም ቁጥር ላይ የተረጋገጠላቸው ናቸው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ማንኛውም ፖሊኖሚያል ከ x እና ከቋሚ ቁጥሮች በመደመርና በማባዛት ብቻ የተሠራ ነው። x ወደ a ሲጠጋ x ራሱ ወደ a ይጠጋል፣ ቋሚ ቁጥር ባለበት ይቆያል፣ የድምር ሊሚት የሊሚቶች ድምር ነው፣ የብዜት ሊሚትም የሊሚቶች ብዜት ነው። እነዚህን በየቁሙ ላይ ስንደጋግም የምናገኘው a ን በ x ቦታ ከመተካት ጋር አንድ ነው። እንዲህ ሲባል ነገሩ ደረቅ ሊመስል ስለሚችል በ x = 1 አካባቢ p(x) ን ቀረብ ብለን እንየው። p(1) = −4 ነው። p(x) ከዚህ ዋጋ የሚርቀው በ

p(x) − p(1) = x³ − 3x + 2 = (x − 1)(x² + x − 2)

መጠን ነው። x በ0 እና በ2 መካከል እስካለ ድረስ x² + x − 2 ከ−2 አያንስም፣ ከ4 አይበልጥም። ስለዚህ p(x) ከ−4 የሚርቀው ቢበዛ x ከ1 የራቀውን አራት እጥፍ ነው። x ከ1 በ0.001 ብቻ ከራቀ p(x) ከ−4 ከ0.004 በላይ ሊርቅ አይችልም። x ን በማስጠጋት p(x) ን የፈለግነውን ያህል ማስጠጋት እንችላለን፤ «ሊሚቱ −4 ነው» ማለትም ይኸው ነው። በሌላ ፖሊኖሚያልና በሌላ ነጥብ ላይ ደግሞ አራት የነበረው ሌላ ቁጥር ይሆናል እንጂ አካሄዱ አይለወጥም፣ ምክንያቱም p(x) − p(a) ምንጊዜም (x − a) ን በፋክተርነት ይዞ ይወጣል። ይህችን የመጨረሻ ሐረግ ያዙልኝ፤ 0/0 ላይ ስንደርስ የምትፈታን እርሷ ናት።

ራሽናል ፈንክሽን የሁለት ፖሊኖሚያሎች ክፍልፋይ ነው። የላዕሉም የታህቱም ሊሚት በመተካት ይገኛል፤ የሚቀረው ጥያቄ ሁለቱን ሊሚቶች ማካፈል ይቻላል ወይ የሚለው ብቻ ነው። የማካፈል ሕግ አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ የታህቱ ሊሚት ዜሮ መሆን የለበትም። x ከ0.5 እስከ 1.5 ባለው ክልል ውስጥ ሲንቀሳቀስ የእኛ ታህት x² − 4 ከ−3.75 እስከ −1.75 ባለው ውስጥ ይቆያል፤ ከዜሮ ርቆ ስለሚቆም በእርሱ ማካፈል ትንንሽ ልዩነቶችን ወደ ትልቅ ልዩነት አያሳድግም። ለዚህ ነው 4/3 ያለ ምንም ስጋት የሚጻፈው። በ −1 ላይ ያገኘነው 0ም እንዲሁ ነው፤ ታህቱ −3 ስለሆነ ሕጉ ሙሉ በሙሉ ይሠራል። ብዙ ተማሪዎች «ዜሮ አየሁ» ብለው እዚህም ላይ ፋክተር መፈለግ ሲጀምሩ አያለሁ፤ ምንም አያስፈልግም። ታህቱ እንደ x² + 1 በየትኛውም እውን ቁጥር ላይ ዜሮ የማይሆን ከሆነ ደግሞ መተካት ሁልጊዜ ይሠራል፣ ጥያቄውም አይነሣም።

አሁን ወደ −2 እንሂድ፤ ላዕሉ ወደ −4፣ ታህቱ ወደ 0 ይጠጋሉ። እዚህ የተወሰነ ሊሚት ሊኖር እንደማይችል በሁለት መስመር ማሳየት ይቻላል። f(x) ወደ አንድ ቁጥር L ይጠጋል ብለን እንበል። q(x) ዜሮ በማይሆንበት ቦታ ሁሉ p(x) = f(x) · q(x) ስለሆነ p(x) ወደ L · 0፣ ማለትም ወደ 0 መጠጋት ነበረበት። ነገር ግን p(x) ወደ −4 እንደሚጠጋ እናውቃለን። ስለዚህ እንዲህ ያለ L የለም። ይህ ክርክር −4ን ዜሮ ካለመሆኑ በስተቀር በሌላ ባሕርዩ አልተጠቀመበትም፤ ላዕሉ ወደ ማንኛውም ዜሮ ያልሆነ ቁጥር፣ ታህቱ ወደ ዜሮ ሲጠጉ ሁሉ እንዲሁ ይሠራል። እርስዎ 0/0 ላይ የጠየቁትን ጓደኛዎ «የለውም» ብሎ የመለሰው ይህኛውን ሁኔታ ከዚያኛው ጋር ቀላቅሎ ይመስለኛል።

የተወሰነ ሊሚት የለም ከተባለ በኋላ የሚቀረው በነጥቡ ዙሪያ ምን እንደሚሆን መናገር ነው፤ ይህም ምልክትን በመመርመር ይታወቃል። x ከ−2 በጥቂቱ ሲበልጥ x² ከ4 ስለሚያንስ ታህቱ ኔጌቲቭ ነው፤ ላዕሉም ኔጌቲቭ ስለሆነ ክፍልፋዩ ፖዘቲቭ ይሆናል። በ −1.99 ላይ ፈንክሽኑ 98.01፣ በ −1.999 ላይ 998.001 ይሰጣል። x ከ−2 በጥቂቱ ሲያንስ ታህቱ ፖዘቲቭ ስለሚሆን ክፍልፋዩ ኔጌቲቭ ነው፤ በ −2.01 ላይ −102.01 ይሰጣል። ስለዚህ ከቀኝ ወደ +∞፣ ከግራ ወደ −∞ ይሄዳል፤ ግራፉም በ x = −2 ላይ ቀጥ ያለ አሲምፕቶት አለው። እዚህ ላይ «መልሱ ∞ ነው» ብሎ መጻፍ ስህተት ነው፣ ሁለቱ ጎኖች ተቃራኒ አቅጣጫ ይዘዋልና።

ከሁሉም ይልቅ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው 0/0 ነው። ከላይ የተጠቀምንበት ክርክር እዚህ ላይ አያስኬድም፤ p(x) ወደ 0 መጠጋቱ ከ L · 0 = 0 ጋር ይስማማል፣ L ማንም ቢሆን። ለዚህ ነው 0/0 በራሱ ምንም የማይወስነው። ሆኖም ላዕሉም ታህቱም ፖሊኖሚያል ሲሆኑ 0/0 ባዶ እጅ አይተወንም፤ ቀደም ብዬ ያዙልኝ ያልኳችሁ ሐረግ እዚህ ትገባለች። p(x) − p(a) ምንጊዜም (x − a) ን በፋክተርነት ከያዘ፣ p(a) ዜሮ በሚሆንበት ጊዜ p(x) ራሱ (x − a) ን በፋክተርነት ይዟል ማለት ነው። ታህቱም እንዲሁ። እንግዲያው በራሽናል ፈንክሽን ላይ a ን ተክቶ 0/0 ማግኘት «ላዕሉና ታህቱ (x − a) የሚባል የጋራ ፋክተር አላቸው» የሚል የተረጋገጠ መረጃ ነው። ፋክተሩ ይኖር ይሆን ብሎ መጠርጠር አያስፈልግም፤ የሚፈለገው ማን እንደሆነ ታውቋል፣ የቀረው ማውጣቱ ብቻ ነው።

ታህቱን ማውጣት ቀላል ነው፤ x² − 4 = (x − 2)(x + 2)። ላዕሉን ለ (x − 2) ለማካፈል ኮፊሸንቶቹን በአንድ መስመር እንጻፍ፤ 1, 0, −3, −2። ሁለተኛዋ ዜሮ የገባችው x² ያለበት ቁም ስለሌለ ነው። የመጀመሪያውን 1 እናወርዳለን። 1 ሲባዛ በ2 ውጤቱ 2 ነው፤ ከ0 ጋር ሲደመር 2። 2 ሲባዛ በ2 ውጤቱ 4 ነው፤ ከ−3 ጋር ሲደመር 1። 1 ሲባዛ በ2 ውጤቱ 2 ነው፤ ከ−2 ጋር ሲደመር 0። የመጨረሻው ቁጥር ቀሪው ነው፣ ዜሮ መሆኑም ይጠበቅ ነበር። የቀሩት 1, 2, 1 የድርሻው ኮፊሸንቶች ስለሆኑ

x³ − 3x − 2 = (x − 2)(x² + 2x + 1) = (x − 2)(x + 1)²

ይሆናል። በዚህ ስሌት ላይ በብዛት የሚያጋጥመው ስህተት የጎደለውን ቁም ዜሮ መርሳት ነው። 1, −3, −2 ብለው ቢጀምሩ 1, −1, −4 ያገኛሉ፤ ቀሪው −4 ይሆናል። ስህተቱም ወዲያው ራሱን ያጋልጣል፣ ምክንያቱም p(2) = 0 መሆኑን ተክተን አይተናልና ቀሪው ዜሮ ከመሆን ውጪ አማራጭ የለውም። 0/0 ካገኙ በኋላ ሲያካፍሉ ቀሪ ከተረፈ የተሳሳተው ማካፈሉ ወይም መተካቱ ነው።

x ከ2 የተለየ እስከሆነ ድረስ (x − 2) ዜሮ ስላልሆነ ከላይና ከታች ይጣፋል፤ የሚቀረውም

f(x) = (x + 1)²/(x + 2)፣ x ≠ 2

ነው። አሁን ታህቱ በ2 ላይ 4 ስለሆነ መተካት እንደገና ሕጋዊ ይሆናል፤ 9/4 ይወጣል። ማጣፋቱን ሕጋዊ ያደረገው ያ «x ≠ 2» የሚለው ትንሽ ማስታወሻ ሲሆን፣ በጽሑፍ ብዙዎች የሚተዉትም እርሱን ነው። የመጀመሪያው ክፍልፋይና የቀለለው ክፍልፋይ አንድ ፈንክሽን አይደሉም፤ የመጀመሪያው በ2 ላይ ዋጋ የለውም፣ ሁለተኛው 9/4 አለው። ሊሚት ግን x = 2 ላይ የሚሆነውን አይጠይቅምና በሌላው ቦታ ሁሉ የሚስማሙ ሁለት ፈንክሽኖች በዚያ ነጥብ ላይ አንድ ሊሚት ይኖራቸዋል። በግራፉ ላይ ይህ በ (2, 9/4) የምትታይ አንዲት ቀዳዳ ናት፤ መስመሩ ከሁለቱም ጎን ወደ እርሷ ይመጣል፣ ነጥቧ ራሷ ግን የለችም። በቁጥር ማየት ከፈለጉ በ 1.9 ላይ 2.156፣ በ 1.99 ላይ 2.241፣ በ 2.01 ላይ 2.259፣ በ 2.1 ላይ 2.344 ገደማ ይመጣል፤ ከሁለቱም በኩል ወደ 2.25።

በካልኩሌተር እንዲህ መሞከር መልስን ለመፈተሽ ይጠቅማል፣ በእርሱ ላይ ብቻ መደገፍ ግን አይበጅም። አብዛኞቹ ኮምፒውተሮች በተለመደው የቁጥር አያያዛቸው 15 ወይም 16 አሃዞችን ብቻ ስለሚይዙ 2 + 10⁻¹⁶ ን ከ2 ለይተው አያውቁትም፤ በጣም ተጠጋሁ ባሉበት ቦታ ያው 0/0 ተመልሶ ይመጣል።

ፋክተር ማውጣት ለሚያስቸግራቸው አንባቢዎች ሌላ መንገድ አለ፤ እኔም በግሌ ለትላልቅ ፖሊኖሚያሎች የምመርጠው ይህኛውን ነው። x = 2 + h ብለው ይተኩና h ወደ 0 እንዲጠጋ ያድርጉ። ላዕሉ

(2 + h)³ − 3(2 + h) − 2 = 8 + 12h + 6h² + h³ − 6 − 3h − 2 = 9h + 6h² + h³

ይሆናል፤ ታህቱ ደግሞ (2 + h)² − 4 = 4h + h²። ቋሚ ቁጥሮቹ ከላይም ከታችም መጥፋታቸው ያው 0/0 የነገረን ነገር ነው። ከሁለቱም h ን ስናወጣ (9 + 6h + h²)/(4 + h) ይቀራል፣ h ወደ 0 ሲጠጋም 9/4። የዚህ መንገድ ውበት ፋክተሩን መገመት አለመጠየቁ ብቻ አይደለም፤ ከላይና ከታች የቀረውን ትንሹን የ h አርቢ አይቶ ውጤቱን አስቀድሞ ማወቅም ያስችላል። እዚህ በሁለቱም በኩል ትንሹ አርቢ 1 ስለሆነ ሊሚቱ የኮፊሸንቶቻቸው ክፍልፋይ፣ 9/4፣ ነው።

አርቢዎቹ የማይመጣጠኑበት ጊዜም አለ፤ አንድ ጊዜ ማጣፋት ሁልጊዜ ሥራውን እንደማይጨርስ የሚታየውም እዚያ ነው። ላዕላችን በ −1 ላይ (x + 1) ን ሁለት ጊዜ ይዟል። ይህንኑ ላዕል ለ (x + 1)² ብናካፍለው፣ x ወደ −1 ሲጠጋ መተካት 0/0 ይሰጣል፤ አንድ (x + 1) ብናጣፋ (x − 2)(x + 1)/(x + 1) ይቀርና እንደገና 0/0 ይመጣል፤ ሁለተኛውን ስናጣፋ ብቻ x − 2 ቀርቶ −3 እናገኛለን። ታህቱ (x + 1)³ ቢሆን ደግሞ ሁለቱን ካጣፋን በኋላ (x − 2)/(x + 1) ይቀራል፤ ይህም በ −1 ላይ −3/0 ነው። እንግዲህ 0/0 ሲቃለል ሊሚት ወደሌለበት ሁኔታ ሊያደርስም ይችላል፤ «0/0 ከሆነ ሊሚቱ አለ፣ ብቻ መፈለግ ነው» የሚለው የተለመደ አባባል ትክክል አይደለም። ታህቱ (x + 1)⁴ ቢሆን የሚቀረው (x − 2)/(x + 1)² ነው፤ እዚህ ታህቱ ከሁለቱም ጎን ፖዘቲቭ ስለሆነ ፈንክሽኑ ከሁለቱም ጎን ወደ −∞ ይወርዳል። በተቃራኒው ታህቱ x + 1 ብቻ ቢሆን (x − 2)(x + 1) ይቀርና ሊሚቱ 0 ይሆናል። አንድ ላዕል ይዘን ታህቱን ብቻ እየለወጥን ከ0/0 አራት የተለያዩ ውጤቶች አገኘን። የሚወስነው ፋክተሩ ከላይና ከታች ስንት ስንት ጊዜ እንደሚገኝ ነው። ከላይ ከበዛ ሊሚቱ 0፣ እኩል ከሆነ ዜሮ ያልሆነ ቁጥር፣ ከታች ከበዛ የተወሰነ ሊሚት የለም፤ በዚህ በመጨረሻው ጊዜ ልዩነቱ ጎዶሎ ቁጥር ከሆነ ሁለቱ ጎኖች ተቃራኒ አቅጣጫ ይይዛሉ፣ ተጋማሽ ከሆነ አንድ አቅጣጫ።

ደሪቬቲቭ የተማሩ አንባቢዎች የሎፒታልን ደንብ ማንሣታቸው አይቀርም። በ2 ላይ የላዕሉ ደሪቬቲቭ 3x² − 3 ዋጋው 9፣ የታህቱ 2x ዋጋው 4 ስለሆነ ደንቡ ያው 9/4 ይሰጣል። ችግሩ ደንቡ በእንዲህ ያለ ሁኔታ 0/0 መኖሩን በቅድሚያ እንደሚጠይቅ መዘንጋቱ ነው። በ −2 ላይ፣ −4/0 ባለበት፣ ይህንኑ ቢያደርጉ 9/(−4) ያገኛሉ፤ ንጹሕ የሚመስል ቁጥር ነው፣ ነገር ግን ፈንክሽኑ እዚያ ከመቶ በላይ ወደላይና ወደታች እየሮጠ መሆኑን ቀደም ብለን አይተናል። ስለዚህ በደንቡ ቢጠቀሙም እንኳ መጀመሪያ መተካት ይቅደም፤ መተካት መልስ ባይሰጥም የትኛው ሁኔታ ውስጥ እንዳለን ይነግረናል።

የዚህ ሁሉ ዋስትና ፈንክሽኑ ራሽናል እስከሆነ ድረስ ብቻ መሆኑንም መጥቀስ አለብኝ። |x − 2|/(x − 2) በ2 ላይ 0/0 ነው፤ ሆኖም ከቀኝ ሁልጊዜ 1፣ ከግራ ሁልጊዜ −1 ስለሆነ ሊሚት የለውም፣ የሚወጣም ፋክተር የለም፤ |x − 2| ፖሊኖሚያል አይደለምና። (√(x + 2) − 2)/(x − 2) ደግሞ በ2 ላይ 0/0 ሆኖ ሊሚት አለው፤ ከላይና ከታች በ √(x + 2) + 2 ሲባዛ ላዕሉ x − 2 ይሆንና ከተጣፋ በኋላ 1/4 ይወጣል። በተለያዩ ክልሎች በተለያየ ቀመር የተሰጠ ፈንክሽንም፣ እያንዳንዱ ቀመር ፖሊኖሚያል ቢሆንም እንኳ፣ ቀመሮቹ በሚገናኙበት ነጥብ ላይ ከሁለቱም ጎን ለየብቻ መታየት አለበት።

በመጨረሻም ይኸው ሐሳብ ወደ ኋላ ተመልሶ ሲጠየቅ ያጋጥምዎታል፤ «(x² + kx − 6)/(x − 2) ፣ x ወደ 2 ሲጠጋ፣ ሊሚት እንዲኖረው k ስንት መሆን አለበት?» የሚል። ታህቱ ወደ 0 ይጠጋል። ስለዚህ የተወሰነ ሊሚት እንዲኖር ላዕሉም የግድ ወደ 0 መጠጋት አለበት፤ ይህ በ −2 ላይ የተጠቀምንበት የ L · 0 ክርክር ነው። 4 + 2k − 6 = 0 ስለዚህ k = 1። ያኔ ላዕሉ x² + x − 6 = (x − 2)(x + 3) ይሆንና ሊሚቱ 5 ይወጣል። k = 3 ቢሆን ግን ላዕሉ በ2 ላይ 4 ነው፤ 4/0፣ ከቀኝ ወደ +∞፣ ከግራ ወደ −∞።